ውሃ የነካው የስም መጥሪያና «አይነበብም» የሚባለው መልስ

ጥያቄ፦ «የ2016 የአንድ ክፍል የስም መጥሪያ ከደብተር ወደ ኤክሴል እያስገባሁ ነው። የኅዳር ገጽ ውሃ ነክቶት አንዳንዱ ምልክት አይነበብም። ባዶ ልተወው ወይስ እንደመጣ ልቁጠረው?»

ሁለቱንም አያድርጉ። ባዶ ሳጥን በመዝገቡ ላይ የራሱ ትርጉም አለው። የቀረውን ብቻ የሚመዘግብ መምህር ከሆነ ባዶ ማለት «መጥቷል» ነው፤ ሁሉን ምልክት የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ «ሳይጠራ ታልፏል» ነው። የማይነበበው የራሱ ምልክት ያስፈልገዋል። «አን» ይበሉት፣ የምልክቱን ፍቺም ከሠንጠረዡ በላይ ይጻፉ።

1. ቀኖቹን እንደ ቀን አያስገቡ። ኤክሴል 3/3/2016 ሲጻፍለት በፈረንጅ አቆጣጠር ይተረጉመዋል። ወሩን የሺቱ ስም ያድርጉት፣ በራስጌው ላይ ቁጥር ብቻ ይጻፉ። ኅዳር 1/2016 ቅዳሜ ስለዋለ፣ ቅዳሜና እሑድ ሲወጡ ከ3 እስከ 28 ባለው ውስጥ 20 የትምህርት ቀን ይቀራል። ተራ ቁጥር A፣ ስም B ላይ ከሆነ ቀኖቹ ከC እስከ V ይደርሳሉ። ከዚያ በኋላ መምህሩ ራሱ የጻፈው የቀሪ ድምር፣ እርስዎ የቆጠሩት፣ የ«አን» ብዛት፣ ኋላ የምናየው የ«ቀ?» ብዛት፣ መጨረሻ ላይ አስተያየት።

2. የሚያስገቡት በረድፍ ነው፣ የሚያረጋግጡት ግን በዓምድ። ከምንም በላይ የሚበዛው ስህተት የማይነበብ ፊደል ሳይሆን ዓይን አንድ ረድፍ ወርዶ የጎረቤቱን ምልክት ማንበቡ ነው። ማስመሪያ ከረድፉ ሥር ያስቀምጡ። ምልክቱ ከደበዘዘ ስልኩን ከላይ ይዘው ፎቶ ያንሱ፣ መብራቱን ከጎን ያድርጉት። በእስክሪብቶ ተጭኖ የተጻፈ ከሆነ ቀለሙ ቢለቅም ወረቀቱ ላይ ጎድጎድ ብሎ ይታያል።

3. ድምሩን ይጠቀሙበት፣ ግን አይመኑት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ በምሳሌ እንየው። ተራ ቁጥር 17 ላይ ያለው ተማሪ 5 እና 20 ላይ በግልጽ «ቀ» አለው፣ 13 እና 14 ግን ውሃ ወስዷቸዋል። መምህሩ ጥግ ላይ «ቀሪ 3» ብሏል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ «ቀ» ነው፤ የትኛው እንደሆነ ረድፉ አይነግረንም። አሁን ወደ ታች እንውረድ። በ14 ዓምድ ግርጌ «ቀሪ 4» ተጽፏል፣ በዓምዱም አራት ግልጽ «ቀ» አለ። እንግዲህ የዚህ ልጅ 14 «ቀ» አይደለም። በ13 ግርጌ 6 ተብሏል፣ የሚነበበው 5 ነው፣ ሌላ የተበላሸ ሳጥንም የለም። ስድስተኛው እሱ ነው ማለት ነው።

ታዲያ 13 ላይ «ቀ» ብለው እንዳይጽፉ! የሚጻፈው «ቀ?» ነው፣ አስተያየቱ ላይም «ከረድፍና ከዓምድ ድምር የተገመተ» ይባል። 14 «አን» ሆኖ ይቆያል፤ «ቀ» አለመሆኑን አወቅን እንጂ መጣ ወይስ በፈቃድ ቀረ አላወቅንም። በ13 ዓምድ ውስጥ ሌላም ልጅ ላይ ውሃ ደርሶ ቢሆን ኖሮ የ13 ድምር ብቻውን ስድስተኛው ማን እንደሆነ አይነግረንም ነበር። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ንጹሕ በሆነ ወር ላይ የመምህሩን ድምር ከምልክቶቹ ጋር ያመሳክሩ። እዚያ የማይገጥም ድምር እዚህም ማስረጃ አይሆንም። ወሩ ሲያልቅ በጥድፊያ የተደመረ መዝገብ ብዙ ነው።

ፍቺው በረድፍ 1፣ ራስጌው በረድፍ 2 ከሆነ፣ የመቁጠሪያው ቀመር ለ17ኛው ልጅ (ረድፍ 19) ይህ ነው፦

```
=COUNTIF(C19:V19,"ቀ")
=COUNTIF(C19:V19,"አን")
=COUNTIF(C19:V19,"ቀ~?")
```

በሦስተኛው ላይ ያለችውን ~ አይርሱ። ያለሷ ኤክሴል ጥያቄ ምልክቱን «ማንኛውም አንድ ፊደል» ብሎ ይወስደዋል። ውጤቱ 2፣ 1፣ 1 ይሆናል፤ ሪፖርት ላይ «በግልጽ 2፣ በድምሩ መሠረት 3» ይባላል።

4. ስምን በተጻፈበት ፊደል ይተዉት። «ሐይሉ»ን «ኃይሉ» ማድረግ ከፈለጉ ሌላ ዓምድ ይክፈቱ። የጠፋ ፊደል በሰረዝ ይያዝ፦ «ሰ_ማዊት»። ዝርዝሩ በፊደል ተራ ከሆነ ከላይና ከታች ያሉት ስሞች ግምቱን ያጠብቡልዎታል፣ የሌላ ወር ገጽም ያግዛል፤ ግን ከየት እንደመጣ ይጻፍ።

ሬከርድ ክፍሉ «አን የሚባል ነገር አንቀበልም፣ ሞልታችሁ አምጡ» ማለቱ አይቀርም። ያኔ የ«አን» እና የ«ቀ?» ሳጥኖችን ብቻ በአንድ ገጽ አትመው፣ ከፎቶው ጋር ለክፍል ኃላፊው ይስጡ። የፈቃድ ወረቀት ያለው አውጥቶ ይሙላ፣ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ይፈርም። የተሞላው በአዲስ ዓምድ ይገባል እንጂ የእርስዎ ንባብ አይሰረዝም።