ሌባ የወሰደውን በስንት ብር ልጻፍ?

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ ነው የምኖረው። ባለፈው እሑድ ክርስትና ተጠርተን ሄደን ስንመለስ የጓሮው በር ተፈልቅቆ አገኘነው። ቴሌቪዥኑ፣ የልጄ ላፕቶፕ፣ የባለቤቴ የወርቅ ሐብል፣ ሁለት የሀበሻ ቀሚስና ቁም ሣጥን ውስጥ የነበረ 25,000 ብር የለም። ለፖሊስ አመልክቻለሁ። የቤቱን ዕቃ በ2013 ዓ.ም. በ500,000 ብር ኢንሹራንስ አስገብቼ በየዓመቱ አድሳለሁ። አሁን “የጠፋውን ከነዋጋው ዘርዝረህ በደብዳቤ አምጣ” ተባልኩ። የገዛሁበትን ዋጋ ልጻፍ ወይስ የዛሬውን? የባለቤቴ ወንድም ደግሞ “መቁረጣቸው አይቀርም፣ ጨምረህ ጻፍ” ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?
የተቸገረ፣ ከሰሚት

መልስ

እግዜር ይተካልዎ፤ እናንተ ቤት ባልነበራችሁበት መሆኑም ደግ ነው።

ውልዎ “በአዲስ እተካለሁ” ካላለ በቀር ሁለቱም ዋጋ አይደለም የሚጻፈው። በ1952ቱ የንግድ ሕጋችን የንብረት ካሳ ዕቃው አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ አይበልጥም። ስለዚህ ተመሳሳዩ ዕቃ ዛሬ ስንት እንደሚሸጥ ይጠይቁና ያገለገለበትን ይቀንሱ። ቴሌቪዥኑን ያኔ በ30,000 ብር ገዝተውት፣ ያው ዓይነት ዛሬ 90,000 ገብቷል እንበል። 30,000 ብለው ቢጽፉ ራስዎን ይጎዳሉ። 90,000 ቢሉም የመድን ድርጅቱ የሚልከው ገምጋሚ ያገለገለበትን ማንሳቱ አይቀርም። 60,000 ብለው ከሱቅ ያወጡትን ፕሮፎርማ ቢያያይዙ ግን የሚያከራክር ነገር ይቀንሳል።

ወርቅ ለየት ይላል፤ በማገልገል አያረጅም። ካራቱንና ግራሙን ጽፈው፣ በተሰረቀበት ቀን በነበረው የግራም ዋጋ ያባዙ። ደረሰኝ ከሌለዎት (ስንቶቻችን የወርቅ ደረሰኝ እናስቀምጣለን?) ባለቤትዎ ሐብሉን አድርገው የተነሱት የሠርግ ወይም የበዓል ፎቶ ይረዳል። ብዙ ውሎች ለጌጣጌጥ ከዚህ አይበልጥም የሚል ጣሪያ ስላላቸው እሱንም ይመልከቱ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤

“ለካሳ ክፍል። የፖሊሲ ቁጥሬ ይህ ነው። እሑድ በዚህ ቀን፣ ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ የጓሮው በር ቁልፍ ተፈልቅቆ የሚከተለው ንብረት ተሰርቋል። 55 ኢንች ቴሌቪዥን፣ በ2013 የተገዛ፣ 60,000 ብር። ላፕቶፕ፣ መለያ ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ ያለው፣ 50,000 ብር። ባለ 21 ካራት 10 ግራም ሐብል፣ 170,000 ብር። ሁለት የሀበሻ ቀሚስ፣ 20,000 ብር። ድምር 300,000 ብር። የፖሊስ ማስረጃ፣ የበሩ ፎቶና ፕሮፎርማ ተያይዟል።”

“ተፈልቅቆ” የሚለውን ቃል አይዝለሉት። የቤት ሰብሮ ስርቆት ሽፋን በተለምዶ የሚሠራው በኃይል የመግባት ምልክት ሲኖር ነው። ገምጋሚው ሳያየው በሩን አያስጠግኑ፤ ለማደር ካስፈራ ፎቶ አንስተው፣ ደውለው አሳውቀው፣ የተሰበረውን ቁልፍ ያስቀምጡት። 25,000 ብሩን ለፖሊስ ተናግረዋል፤ እዚህም ለብቻው ይጥቀሱት። ግን ጥሬ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከሽፋን ውጭ ስለሆነ ብዙ ተስፋ አይጣሉበት።

አሁን ወደሚያመው ነገር ልምጣ። በ2013 የተጻፈው 500,000 ብር ዛሬም ያው ነው፤ የዕቃዎ ዋጋ ግን አብሮት አልቆመም። በተለይ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ምን ያህል እንደናረ ያውቁታል። ገምጋሚው ከስርቆቱ በፊት ቤትዎ ውስጥ የነበረው ዕቃ በሙሉ 1,000,000 ብር ያወጣ ነበር ካለ፣ መድን የገቡት ለግማሹ ብቻ ነው ማለት ነው። ለቀረው ግማሽ መድን ሰጪው እርስዎ ራስዎ ነዎት። ስለዚህ ከ300,000 ብሩ ላይ የሚታሰብልዎት 150,000 ነው፤ ከዚያም ላይ ኤክሰሱ፣ ማለትም በውሉ መሠረት እርስዎ ራስዎ የሚችሉት ድርሻ፣ ይነሳል። ድርጅቱ በደለኝ ብለው ከመናደድዎ በፊት ይህ ስሌት ውልዎ ላይ መኖሩን ያንብቡ።

የባለቤትዎ ወንድም “መቁረጣቸው አይቀርም” ያሉት ምናልባት ይህን በሌላ ሰው ላይ ሲደርስ አይተው ይሆናል። ጨምሮ መጻፉ ግን አያዋጣም። ቴሌቪዥኑን 120,000 ቢሉት እንኳ በዚህ ስሌት ከጨመሩት የሚታሰብልዎት ግማሹ ብቻ ነው፤ ፕሮፎርማውም ያጋልጥዎታል። ሆን ተብሎ የተጋነነ ጥያቄ ደግሞ በአብዛኞቹ ውሎች የሐብሉንም የላፕቶፑንም ካሳ አብሮ ያሳጣል።

ዝርዝሩ እስኪሟላ ብለው ደብዳቤውን አያዘግዩ። የማሳወቂያው ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ነው። ዛሬ የደረሰውን ጽፈው ግልባጩ ላይ የገቢ ማኅተም ያስመቱ፤ ፕሮፎርማው በኋላ ሊከተል ይችላል። ካሳውን ከተቀበሉ በኋላ ፖሊስ ላፕቶፑን ቢያገኘው ዕቃው የመድን ድርጅቱ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ለእነሱ ይደውሉ።