ወርቅ ለምን ቢጫ፣ ሜርኩሪ ለምን ፈሳሽ?

«ብርና ወርቅ በፔሪዮዲክ ቴብሉ አንድ ዓምድ ላይ ናቸው። ታዲያ ወርቅ ለምን ቢጫ ሆነ? ሜርኩሪስ ለምን ፈሳሽ ነው?»

ጉዱ ያለው ኤሌክትሮኖቹ ፍጥነት ላይ ነው። የወርቅ ኒውክሊየስ 79 ፕሮቶን አለው። 79ን ለዚህ ስሌት ቋሚ ቁጥር ለሆነው 137 አካፍል፤ ለኒውክሊየሱ በጣም የቀረበው የ1s ኤሌክትሮን ፍጥነት ከብርሃን ፍጥነት 58 በመቶ ገደማ ይሆናል። በአንፃራዊነት ሕግ መሠረት ኤሌክትሮኑ 22 በመቶ ያህል የከበደ ይመስላል፤ ምሕዋሩም አንድ አምስተኛ ገደማ ይጠባል።

«ቀለሙን የሚወስነው ግን ውጨኛው ምሕዋር 6s አይደል?» ትል ይሆናል። ልክ ነህ። ግን 6sም አልፎ አልፎ ኒውክሊየሱ አጠገብ ይደርሳል፤ እዚያ ሲደርስ እሱም ይፈጥናል። ስለዚህ ይጠባል፣ ኃይሉም ዝቅ ይላል። ሌላው ምሕዋር 5d ግን ወደዚያ እምብዛም አይጠጋም። እንዲያውም የጠበቡት s ኤሌክትሮኖች ኒውክሊየሱን ስለሚጋርዱበት ኃይሉ ከፍ ይላል። በ5d እና በ6s መካከል ያለው የኃይል ክፍተት ጠቦ 2.4 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ሲደርስ ወርቁ ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል፤ የሚመለሰው ቢጫ ይመስለናል። ብር የሚውጠው አልትራቫዮሌት ስለሆነ ዓይናችን አያየውም።

ሜርኩሪ ላይ 6s በሁለት ኤሌክትሮን ሞልቷል። ተጠግተው ስለተያዙ ከጎረቤት አቶም ጋር ለመጋራት እምብዛም አይመቹም። ትስስሩ ልል ነው፤ በ-39 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል። በ2013 የወጣ የኮምፒውተር ስሌት እንዳሳየው ይህ የአንፃራዊነት ውጤት ባይኖር ኖሮ መቅለጫው 82 ዲግሪ ገደማ በሆነ ነበር።