የጥርስ ሙሌት ጥያቄዎቻችሁ፦ ነጩ፣ ብርማው ወይስ ፍሎራይድ የሚለቀው?

ጥርስ ሐኪም ነኝ፤ ውሎዬ ሙሌት ላይ ነው። ዛሬ ስለ ነጩ ኮምፖዚት፣ ስለ ብርማው አማልጋምና ፍሎራይድ ስለሚለቀው ግላስ አዮኖመር ብቻ እንጨዋወት። ብሬስና ማስነቀል ለሌላ ቀን ይቆዩ።

ዶክተር፣ ከሦስቱ ጠንካራው የቱ ነው? የኋላ መንጋጋዬ ነው፣ በአጭሩ ንገረኝ።

ለማኘክ አማልጋምና በደንብ የተሠራ ኮምፖዚት ይቀራረባሉ። ግላስ አዮኖመር ከሁለቱም በብዙ ያንሳል።

አጭሩ ይኼ ነው፤ ግን ትንሽ ልጨምርልህ። አማልጋም ከላይ ሲጫኑት ብርቱ ነው፣ ስስ ሆኖ ከተሠራ ግን ይሰበራል። ስለዚህ ወደ 2 ሚሊሜትር የሚጠጋ ውፍረት ይፈልጋል፣ ያንን ቦታ ለማግኘት ደግሞ አንዳንዴ ያልተበላ ጥርስ ጭምር እንቦረቡራለን። ኮምፖዚት ላይ የተበላውን ብቻ አውጥተን መሙላት እንችላለን። እና ሙሌት ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ማቴሪያሉ መሰበሩ አይደለም፤ በጠርዙ በኩል ጥርሱ እንደገና መበላቱ ነው።

ኮምፖዚት ያሠራሁት በዓመቱ ወደቀ። የአጎቴ አማልጋም ግን ከ20 ዓመት በላይ ሆኖት አሁንም አለ። ኮምፖዚት ከጥርስ ጋር ይጣበቃል አይደል እንዴ የሚባለው?

ይጣበቃል፤ ጥርሱ ደረቅ ከሆነ።

አሠራሩን ላሳይህ። መጀመሪያ ሰማያዊ ጄል ይቀባል፤ 37 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ነው። 15 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ይታጠባል። ኢናሜሉ፣ ማለትም የጥርሱ ጠንካራ የላይ ሽፋን፣ በአየር ሲደርቅ ጠመኔ መስሎ ነጭ ይሆናል፤ በዓይን የማይታዩ ጉድጓዶች ስለተከፈቱበት ነው። ከዚያ ማጣበቂያው ለ20 ሰከንድ ያህል ይታሻል፣ አየር ይነፋበታል፣ በመብራት ይደርቃል፤ ቀጥሎ ኮምፖዚቱ በ2 ሚሊሜትር ንብርብር እየገባ እያንዳንዱ ንብርብር ለብቻው በመብራት ይጠነክራል። ያ ጠመኔ የመሰለው ኢናሜል ላይ አንዲት ጠብታ ምራቅ ካረፈች ወደ ኋላ ተመልሶ መድገም ነው። ካልተደገመ የዚያኑ ዕለት ያምራል፣ በዓመቱ ይወድቃል።

የአጎትህ አማልጋም ከጥርሱ ጋር አልተጣበቀም። ጉድጓዱ ከአፉ ይልቅ ከታች ሰፋ ተደርጎ ስለሚቦረቦር ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው። ትንሽ ምራቅ ቢነካውም ይሸከማል።

ሌላው ተጠርጣሪ መብራቱ ነው። ባትሪው የደከመ ወይም ጫፉ ላይ ኮምፖዚት የደረቀበት መብራት ላዩን ያደርቅና ታቹን ሳያደርቀው ይቀራል። አንተ ወንበሩ ላይ ሆነህ ይኼን ማወቅ አትችልም። ልታየው የምትችለው አንድ ነገር አለ፦ ጥርስህ በላስቲክ ወይም ቶሎ ቶሎ በሚቀየር ጥጥ ተከልሎ ነበር? ትልቅ የኋላ ሙሌት በ10 ደቂቃ ካለቀ እኔ እጠራጠራለሁ።

አስተያየት ነው። ግላስ አዮኖመር በራሱ ይጣበቃል፣ እርጥብም ቢሆን ግድ የለውም። ታዲያ ሐኪሞች ኮምፖዚት ላይ የሙጥኝ የሚሉት ብር ለማግኘት አይደለም?

ግማሹ እውነት ነው ወንድሜ። ከጥርሱ ካልሲየም ጋር በኬሚካል ይያያዛል፤ የሚያስፈልገው ለስለስ ያለ አሲድ ለ10 ሰከንድ ያህል ቀብቶ ማጠብ ነው። እርጥበትንም ከኮምፖዚት በተሻለ ይችላል።

"ግድ የለውም" ያልከው ላይ ግን አንስማማም። ገና ሲጠነክር ውኃ ከነካው ላዩ ይታጠባል፣ ከደረቀ ደግሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ነው እንደጨረስን ቫርኒሽ ወይም ቫዝሊን የምንቀባው። ሥራውን ካላወቅከው ቫዝሊኑ ቀልድ ይመስልሃል። በዚያ ላይ ሁለት ጥርሶች በሚነካኩበት ቦታ የመንጋጋ ግድግዳ ሆኖ ሲሠራ ማዕዘኑ ይሰበራል። ብሩን በተመለከተ፣ አዎ፣ ኮምፖዚት ይወደዳል። ጊዜም ይበላል።

የታች መንጋጋዬ ከጎኑ ካለው ጥርስ ጋር በሚነካካበት በኩል ተበልቷል፣ ከድድ በታች ወርዷል ተባልኩ። አንዱ ሐኪም አማልጋም አለኝ፣ ሌላዋ ነጩን፣ ሦስተኛው ሁለት ዓይነት ደራርበን እንሥራው አለ። ማንን ልመን?

እህቴ፣ ሦስቱም አልዋሹሽም። የዛሬው ምርጥ ጥያቄ ይኼ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

ችግሩ ያለው ከታች፣ ድዱ ጋ ነው። እዚያ ኢናሜል የለም ወይም በጣም ስስ ነው። ኮምፖዚት ደግሞ አጥብቆ የሚይዘው ኢናሜልን ነው። በዚያ ላይ ድድሽ ይደማል፣ እርጥበት ከሥር ይመጣል። ኮምፖዚት ሲጠነክር ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ይሸመቀቃል፤ ሲሸመቀቅ ከደካማው ጠርዝ ይላቀቃል፣ ማለትም ከታችኛው። በዚያች ክፍተት ባክቴሪያ ይገባል። አንቺ ከላይ ስታዪው ነጭና ቆንጆ ነው፣ ጉዳቱ ራጅ ላይ ነው የሚታየው።

አማልጋም ያለው ሐኪም ይኼን ፈርቶ ነው። ነጩን ያለችው ድዱን ገፍታ ቦታውን ማድረቅ እንደምትችል አምናለች፤ ከቻለች ልክ ናት።

ሦስተኛው ያሰበው እንዲህ ነው። ጥርሱ ዙሪያ ስስ የብረት ቀበቶ ይታሰራል፣ ከታች በእንጨት ሽብልቅ ይጠበቃል። የታችኛው ክፍል በግላስ አዮኖመር ይሞላል፤ እዚያ ኢናሜል ባይኖርም ይይዛል። ግላስ አዮኖመሩ ጥርሱ ጎረቤቱን ከሚነካበት ቦታ ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ መነካኪያውና ማኘኪያው በሱ ከተሠራ ይበላል፣ ይሰበራል። ቀጥሎ ላይ ያለው ኢናሜል በአሲድ ይዘጋጅና ኮምፖዚት በንብርብር ይደረብበታል። ታቹ ለመያያዝ፣ ላዩ ለጥንካሬና ለመልክ ነው።

እንከን የለሽ አይደለም። ያ ከድድ ሥር የቀረው ግላስ አዮኖመር በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ሊሟሟ ይችላል፣ በተለይ ጽዳቱ ከላላ። የጥርስ ክርሽ እዚያ ቦታ መበጣጠስ ከጀመረ ወይም ምግብ ካሁን በፊት ባልያዘበት መያዝ ከጀመረ ራጅ ተነሺ።

እኔ ብሆን ለሦስቱም አንድ ጥያቄ አነሳ ነበር፦ "የታችኛውን ጠርዝ እንዴት ነው የምታደርቁት?" ጥሩ መልስ ያለውን ምረጪ። ደግሞ ጥርሱ ሌሊት ብቻውን የሚጠዘጥዝሽ ከሆነ ነገሩ ከሙሌት አልፎ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱ ይታይ።

የክሊኒክ ነርስ ነኝ። ግላስ አዮኖመር ፍሎራይድ ስለሚለቅ ከጎኑ ያለው ጥርስም አይበላም ብለው ነው ያስተማሩን። ለታካሚዎች እንደዚያ ብዬ ልንገራቸው?

እንደዚያ አትበያቸው። ፍሎራይድ ይለቃል፤ ብዙው የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ነው፣ ከዚያ በጣም ይወርድና በትንሹ ይቀጥላል። ከጥርስ ሳሙና ፍሎራይድ መጥጦ መልሶ መልቀቁም እውነት ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ውጤቱ ያምራል። አፍ ውስጥ ግን አንዳንድ ጥናት ጥቅም ያያል፣ ሌላው ልዩነት አያገኝም፤ በባለሙያዎች መካከልም ክርክሩ አላለቀም። የእኔ ግምት፦ ብዙ ጥርስ ለሚበላባቸውና አፋቸው ለሚደርቅባቸው ሰዎች የሥር ጠርዝ ላይ ይረዳል። በቀን ሁለቴ በፍሎራይድ ሳሙና የሚቦርሸው ሰው ላይ ልዩነቱን አላየሁትም። አማልጋምና ተራ ኮምፖዚት ይኼ ነገር የላቸውም።

ወንጂ ነው ያደግኩት፣ ጥርሴ ቡናማ ነው። በፍሎራይድ ምክንያት ነው ይላሉ። ፍሎራይድ የሚለቅ ሙሌት ካስሞላሁ አይብስብኝም?

አይብስም። የስምጥ ሸለቆ ውኃ ጥርስን የሚያበላሸው ጥርሱ ድድ ውስጥ ገና ሲሠራ፣ በልጅነት ነው። የአዋቂ ጥርስ ተሠርቶ አልቋል። ከሙሌቱ የሚወጣው መጠንም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ለአንተ ዋናው ጉዳይ ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ኢናሜል አሲድን ይቋቋማል፣ ስለዚህ ኮምፖዚት በተለመደው 15 ሰከንድ በደንብ ላይይዝ ይችላል። የተለመደው መፍትሔ ላዩን ትንሽ መሞረድና አሲዱን ረዘም አድርጎ ማቆየት ነው። ወንበሩ ላይ ከመቀመጥህ በፊት የት እንዳደግክ ንገራቸው።

ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። እዚህ አማልጋም ቀርቷል ብለውኛል። አዲስ አበባ የተሞሉ ሦስት አሮጌ አማልጋሞች አሉኝ፣ ሁሉንም ላስወጣ?

አውሮፓ ኅብረት ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ፣ ሕክምናው ግድ ከሚልበት በስተቀር አዲስ አማልጋም ከልክሏል። ዋናው ምክንያት ሜርኩሪው አካባቢን ስለሚበክል ነው፤ አማልጋም በክብደት ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው። አፍህ ውስጥ ያለውን አስወጣ የሚል ግን የለም። ጠርዙ ደህና ከሆነ፣ ካልተሰነጠቀ፣ ሥሩ ካልተበላ ተወው። ሲቦረቦር የሚወጣው ተን በዝምታ ከተቀመጠው ይበልጣል፣ ጤነኛ ጥርስም አብሮ ይሄዳል።

ልጄ፣ የእኔ እንኳ ወርቅ ነው፣ በደጉ ዘመን ያሠራሁት። እሱም ያ መርዝ አለበት?

የለበትም እናቴ። ወርቁ ሌላ ነው፣ ያወራነው ስለ ብርማው ነው። በሰላም ያኝኩበት።

የ5 ዓመት ልጄ ወንበሩ ላይ አልቀመጥም ብሎ ይጮኻል። የወተት መንጋጋው ተበልቷል። ምን ይሻለኛል?

ጉድጓዱ ትንሽ ከሆነና ማኘኪያው ላይ ብቻ ከሆነ ግላስ አዮኖመር። መቦርቦሪያ ማሽን ሳይነሳ የለሰለሰውን በእጅ መሣሪያ ጠርጎ መሙላት ይቻላል፤ ይኼ ዘዴ በ1980ዎቹ አጋማሽ (እንደ ፈረንጆቹ) እዚሁ ጎረቤታችን ታንዛኒያ ነው የተጀመረው። ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ጥርሶች መሀል ከሆነ ግን ቶሎ ይወድቃል፣ ሐኪሙ የብረት ቆብ ሊያነሳብሽ ይችላል። አትደንግጪ፣ ለወተት ጥርስ ጥሩ ነው። ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆችና ለነፍሰ ጡሮች አማልጋም እንዲቀር ሜርኩሪን የሚመለከተው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች ተስማምተዋል።

የፊት ጥርሴን ነጭ አስሞላሁ። አሁን ከጎኑ ካለው የተለየ ቀለም ሆነ። ቡና ስለምወድ ይሆን?

ሊሆን ይችላል። ቡና፣ ሻይ፣ እርድ የበዛበት አልጫ ኮምፖዚትን ቀስ እያሉ ያጠቁሩታል። ላዩ ከሆነ በማለስለስ ይመለሳል። ጠርዙን ተከትሎ ቡናማ መስመር ካየሽ ግን ሙሌቱ ከዚያ መላቀቅ ጀምሮ ሊሆን ስለሚችል ታዪው።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተለየ ከሆነ ደግሞ የቀለም ምርጫው ነው። ጥርስ ሲደርቅ ይነጣል። አፍሽ ተከፍቶ ከቆየ በኋላ የተመረጠ ቀለም፣ ጥርሱ ሲረጥብ ከጎረቤቱ ይበልጥ ነጥቶ ይታያል። ቀለም ሥራው ሳይጀመር ነው የሚመረጠው። ግላስ አዮኖመር ደግሞ ለፊት ጥርስ ደብዘዝ ያለ ነጭ ነው፣ ብርሃን አያሳልፍም፤ እኔ ፊት ላይ አላደርገውም።

ዛሬ አስሞላሁ። ቆሎ መቼ ነው የምበላው?

ኮምፖዚት ከሆነ ማደንዘዣው ሲለቅህ፤ ከዚያ በፊት ምላስህን ትነክሳለህ። አማልጋም ከሆነ ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት 24 ሰዓት ይፈልጋል፣ እስከ ነገ በሌላኛው በኩል አኝክ። ግላስ አዮኖመር ከሆነ ቢያንስ አንድ ሰዓት ምንም አትብላ፣ ቆሎውን ለነገ አሳድረው።