የቢሮ መክሰስ በትንሽ ወጪ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ ስድስት ሆነን በምንሠራበት ቢሮ በየሳምንቱ እያዋጣን ብስኩት እንገዛለን። ገንዘቡ ያልቃል፣ ረሃቡ ግን አይጠፋም። ምን ብንገዛ ይሻላል?

መልስ፦ ቆሎ ይሻላችኋል። ብስኩት በአብዛኛው የነጭ ዱቄት፣ የስኳርና የዘይት ድብልቅ በመሆኑ ቶሎ ይፈጫል፤ ገብስና ሽምብራ ግን አሰርና ፕሮቲን ስላላቸው ሆድ ውስጥ ይቆያሉ። ዋጋውን ለማነጻጸር የብስኩቱን ዋጋ እሽጉ ላይ ለተጻፈው ግራም አካፍላችሁ በ1,000 አባዙት፤ የምታገኙትን የኪሎ ዋጋ ገበያ ካለው የገብስ ዋጋ ጎን ስታስቀምጡት ልዩነቱ ይታያችኋል።

ለአንድ ሰው በቀን አንድ የቡና ስኒ ቆሎ፣ ማለትም 40 ግራም ገደማ፣ በቂ ነው፤ ለስድስት ሰው በአምስት የሥራ ቀን 1,200 ግራም ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 700 ግራሙ ገብስ፣ 350 ግራሙ ሽምብራ፣ 150 ግራሙ ደግሞ ኦቾሎኒ ይሁን። ኦቾሎኒው ያነሰው ከሁሉም የሚወደደው እሱ ስለሆነና ዘይቱም ስለሚበዛ ነው። እህሉ ሲለቀምና ሲቆላ ክብደቱ ስለሚቀንስ፣ ጥሬውን የምትገዙ ከሆነ 800 ግራም ገብስና 400 ግራም ሽምብራ ያዙ። ጨው አትጨምሩበት፤ ግፊት ያለበት ባልደረባ ሳይሳቀቅ ይበላል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙትም ሰዓታቸው ሲደርስ ከዚያው ዕቃ ይካፈላሉ።

ብዙ ቆሎ የሚበላሸው ገና ትኩስ እያለ ስለሚከደን ነው። እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠብና እህሉን ያርሰዋል። ስለዚህ በሰፌድ ተሰጥቶ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቅ፣ ከዚያም አየር በማያስገባ ዕቃ ይቀመጥ፤ እጅ እንዳይገባበትም መቅጃ ማንኪያ ይኑረው። ጥርስ ላይ ቀጭ ማለቱን ትቶ ከለመመ፣ ሻጋታ እስካልያዘ ድረስ ምጣድ ላይ ትንሽ ማመስ ይመልሰዋል። ኦቾሎኒውን በተለየ ዕቃ አስቀምጡት፤ የማይስማማው ሰው ሊኖር ይችላልና። ኦቾሎኒው የቆየ ዘይት ዘይት ከሸተተ ወይም ከመረረ ይጣል። የሻገተ ኦቾሎኒ ደግሞ ቢቆላም አይድንም፤ ሻጋታው የሚያመነጨውና ጉበትን የሚጎዳው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ከገበያ የምንገዛው የተደባለቀ ቆሎ ውስጥ ጓያ አየሁ። ያሰጋል?

መልስ፦ ጥቂት ፍሬ አንድ ቀን ተበልቶ ሽባ አያደርግም። እግርን የሚያሰንፈውና የማይመለሰው የጓያ ሕመም የሚመጣው ጓያ ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው። ነገር ግን በየቀኑ ለሚበላ የቢሮ ቆሎ ምርጫችሁ ሊሆን አይገባም፤ መቁላት መርዙን አያስወግደውምና። መለየቱ ቀላል ነው፦ አተር ድቡልቡልና ለስላሳ ነው፣ ሽምብራ እንደ ወፍ መንቁር ሾል ያለ ጫፍ አለው፣ ጓያ ግን ጠፍጠፍ ብሎ ጠርዘ ብዙ ነው። እኔ የምመርጠው ጥሬውን ለየብቻ ገዝቶ፣ ለቅሞና ቆልቶ በኋላ ማደባለቅን ነው።

ጥያቄ፦ ዓርብ ገዝተን ቢሮ የምንተወው ጥሬ ሙዝ ሰኞ ስንመለስ ጠቁሮ፣ ውስጡ ግን ጠንክሮ እናገኘዋለን። ለምን?

መልስ፦ ብርዱ ነው። ሙዝ የቆላ ፍሬ በመሆኑ ከ13 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ልጣጩ ይጠቁራል፣ መብሰሉም ይስተጓጎላል፤ የደብረ ብርሃን ሌሊት ደግሞ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ከዚያ በጣም ይወርዳል። ስለዚህ የበሰለውን ሰኞና ረቡዕ፣ ለሁለት ቀን የሚበቃውን ብቻ ግዙ። ለቅዳሜና እሑድ የሚያድር ፍሬ ካስፈለገ ብርቱካን ብርዱን ይችላል። ሸዋ ሮቢትን በመሰለ ቆላ ከተማ የሚሠሩ ግን ችግራቸው ተቃራኒ ነው፤ ሙዙ በሙቀቱ ቶሎ ስለሚበስልባቸው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቢገዙ ይሻላል።

ጥያቄ፦ አንዱ ባልደረባችን ስኳር አለበት፣ ሌላዋ ጥርሷን ስለሚያማት ቆሎ አትችልም። ለሁለቱም በሶ ቢሆንስ?

መልስ፦ ለእርሷ ይሆናል፤ ለእርሱ ግን ቆሎው ይሻለዋል። ሁለቱም ገብስ ቢሆኑም፣ በሶ የላመ ዱቄት በመሆኑ ከሙሉው ፍሬ ፈጥኖ ወደ ደም ስኳርነት ይለወጣል፤ ስኳር ወይም ማር ከተጨመረበት ደግሞ ይብሳል። የእርሱ ድርሻ ሽምብራ የበዛበት አንድ ስኒ ቆሎ ይሁን፤ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም የመክሰሱን ሰዓትና መጠን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት። ለእርሷ በሶው የሚበጠበጥበት ውኃ ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት፣ ከተበጠበጠ በኋላ እሳት አያገኘውምና። ከቤት የሚመጣ የስንዴና የሽምብራ ንፍሮም ጥሩ ነው፤ እርጥብ ስለሆነ ግን በዚያው ቀን ይበላ እንጂ ቢሮ አይደር።