«ቀባሁት» ወይስ «ቀማሁት»? ድምፅ ስለሌለው ቪዲዮ የጠየቃችሁኝ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሰርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። በ11 ዓመቴ ማጅራት ገትር ያዘኝና ጆሮዬን ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ የሰው ወሬ የምከተለው ከንፈር እያየሁ ነው። ሥራዬ ቪዲዮ፣ ኑሮዬ ከንፈር ሆነና ድምፅ የሌለው ቪዲዮ ያለው ሁሉ «እስኪ ምን እያለ ነው?» እያለ ይመጣብኛል። የተጠየቅሁትን አንድ ላይ ልመልስ።

«እህቴ፣ አጎቴ ኮምቦልቻ ጋራዥ አለው። ተላላኪው ልጅ ቀለም ቀቢው ስልኬን ቀማኝ ይላል። የካሜራው ቪዲዮ ላይ ቀቢው "ቀማሁት" ሲል ይታያል፤ ድምፅ ግን የለውም። አንቺ አይተሽ አዎ ብትዪን ይበቃናል።»

አዎ ልልህ አልችልም። ቪዲዮውን አይቼዋለሁ፣ ደጋግሜ።

መጀመሪያ አንተው ራስህ መስታወት ፊት ቁምና ድምፅ ሳታወጣ «ቀባሁት» በል። ቀጥለህ «ቀማሁት» በል። ከንፈርህ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ነው የሚሠራው። በ እና መ ሁለቱም ከንፈር ገጥሞ የሚወጡ ናቸው። ልዩነታቸው መ ሲባል ትንፋሹ በአፍንጫ መውጣቱ ነው፤ አፍንጫ ውስጥ ደግሞ ካሜራ አይገባም። ቀ፣ ከ እና ገ ከጉሮሮ አጠገብ ስለሚሠሩ ከውጭ ጭራሽ አይለዩም። ስለዚህ ገባ፣ ቀባ፣ ገማ፣ ቀማ ለእኔ አንድ ቃል ናቸው። ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ስታወራኝ የምለያቸው በወሬው ነው። ስለ ቀለም እያወራን ከሆነ «ቀባ» ነው እላለሁ። ይህ ግምት ነው፤ ብዙ ጊዜ ይይዛል፣ አንዳንዴም ጉድ ይሠራኛል።

ተናጋሪው ቀለም ቀቢ ነው። በቪዲዮው ላይ በአንድ እጁ ወደ መኪናው በር ያመለክታል። እንግዲህ «ቀባሁት» ቢልስ?

«ይቅርታ፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ግን ከሩቅ ሆነው ሁሉን ያነቡ የለም እንዴ? ፊልም ላይ አይቻለሁ።»

ግማሹ ልክ ነው። ከልጅነታችን ስለምንሠራበት ከሚሰማ ሰው የምንሻል ብዙ ነን። መስማት የሚችሉ ሰዎች ድምፅ በሌለው ቪዲዮ ተፈትነው እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የእንግሊዝኛ ጥናት አለ፤ በአማካይ የያዙት ከ100 ቃል 12 ያህሉን ነው። ከእኛ መካከል ከዚያ በጣም የሚበልጡ አሉ። ሁሉም ግን አይደሉም። እኔ ራሴ የማላውቀው ሰው ስለማላውቀው ነገር ሲያወራ ከግማሽ በላይ ያመልጠኛል። ጫት ጉንጩ ውስጥ ካለማ እዚያው ተውኩት።

አማርኛ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ተ፣ ደ እና ጠ ከንፈር ላይ አይለዩም። ስለዚህ «መታ» እና «መጣ» አንድ ናቸው። «ገደለ» እና «ቀጠለ»ም እንዲሁ። ማጥበቅና ማላላትም አይታይም፤ «ይመታል» ሲላላ መቺው ነው፣ ሲጠብቅ ተመቺው። በከንፈር ብቻ ማን ማንን እንደመታ ልነግርህ አልችልም ማለት ነው።

«ካሜራ እገጥማለሁ። የነገሩ ሁሉ ምክንያት ርካሽ ካሜራ ነው። 4ኬ ቢሆን ኖሮ ይሄ ክርክር አይኖርም ነበር።»

ጥራት ይረዳል፣ አልክድም። ያየሁት የጋራዥ ቪዲዮ ከጣሪያ ሥር ነው የተነሳው፤ የቀቢው አፍ በወርዱ 14 ፒክስል ገደማ ነው። ምራቅ ይሁን ጥርስ አይለይም። ግን 4ኬ ብታደርገውም በ እና መ ያው ናቸው። የተሻለ ካሜራ የሚያሳይህ ከንፈር መግጠሙን ነው፤ አፍንጫውን አያሳይህም።

ሌላው ሰው የሚረሳው የፍሬም ቁጥር ነው። ያ ካሜራ የሚይዘው በሰከንድ 12 ፍሬም ነው። ከአንዱ ፍሬም እስከሚቀጥለው 83 ሚሊሰከንድ ያህል ያልፋል። በ ወይም መ ሲባል ከንፈር ገጥሞ የሚቆየው ብዙ ጊዜ ከዚያ እምብዛም አይበልጥም። ከንፈር ገጥሞ የተከፈተው በሁለት ፍሬም መካከል ከሆነ አንተ የምታየው ክፍት አፍ ብቻ ነው። በ25 ፍሬም ቢቀረጽ 40 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ያመለጠኝ ነገር ያንሳል።

*(ይኸው ካሜራ ገጣሚ መልሶ ጻፈልኝ፦ «እሺ፣ ያንን አላሰብኩትም። ማታ ደግሞ ብርሃን ሲያንስ ሸተሩ ስለሚዘገይ ፍሬሙ ራሱ ይደበዝዛል። 25 ብለህ ብታስተካክለውም ከንፈሩ ጭስ ይመስላል።» ልክ ነው። ይህን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።)*

«እናቴ 70 ዓመታቸው ነው፣ ጆሯቸው ደክሟል። ከንፈር ማንበብ በስንት ወር ይማራሉ?»

እዚህ የተነሳው ጥያቄ ድምፅ ስለሌለው ቪዲዮ ነበር፤ ግን እናትሽን አላልፍም። የእሳቸው ነገር ከዚህ ይቀላል፤ ጥቂት ድምፅ ይቀራቸዋልና። የደከመ ድምፅና የሚታይ ፊት ሲደጋገፉ አንዱ ብቻውን ከሚሰጠው እጅግ የበለጠ ይሰጣሉ። ለማይሰማ ለእኔ ቀባ እና ቀማ አንድ ናቸው፤ እሳቸውን ግን ትንሽ የአፍንጫ ድምፅ ከደረሰቻቸው ታድናቸዋለች። መጀመሪያ ጆሯቸውን ያስመርምሩ። ስታወሪያቸው ብርሃኑ አንቺ ፊት ላይ ይረፍ፤ መስኮት ከኋላሽ አይሁን። ነጠላሽን ከአፍሽ አውርጂ። ካልገባቸው ያንኑ ቃል አትጩኺባቸው፣ በሌላ ቃል በዪው። «ስለ ሐይቁ ጉዞ ነው የማወራሽ» ብለሽ ርዕሱን አስቀድሚ።

«ግን እኮ እኔም ቪዲዮውን አይቼዋለሁ! ሥሩ ላይ "ቀማሁት" ተብሎ ተጽፎበት ነበር። ፍጥጥ ብሎ ነው የሚታየው።»

ፍጥጥ ብሎ የታየህ ስለተጻፈ ነው። አንዴ ከተነገረህ በኋላ ዓይንህ ሌላ አያይም። እኔም ከዚህ አላመልጥም፤ የጋራዡ ጠያቂ ቃሉን አስቀድሞ ስለነገረኝ ገና ሳልከፍተው ተበላሽቼ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አደረግሁ። መጀመሪያ በቴሌግራም የተላከውን ትቼ ዋናውን ፋይል ከመቅጃው በፍላሽ አስመጣሁ፤ ሲላላክ ይጨመቃል፣ የተጨመቀ አፍ ደግሞ ሊጥ ነው። ቀጥዬ እንደ እኔው ለማትሰማ ጓደኛዬ ምንም ሳልነግራት ሰጠኋት። ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደጠፋ አታውቅም። 17ኛው ሰከንድ ላይ ሦስት ቃል ጻፈች፦ «ቀባሁት? አመጣሁት? አላውቅም።» «ቀማሁት» አልመጣላትም። ያ ማለት ግን ቀቢው «ቀማሁት» አላለም ማለት አይደለም። ቪዲዮው ብቻውን ያንን ቃል አይሰጥም ማለት ነው።

«የዚዳንን ነገር ግን በከንፈር ንባብ አይደል ያወቁት?»

እሱማ ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ለእኔ ነው እንጂ ለአንተ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ዋንጫ የበርሊኑ ፍጻሜ ላይ ዚዳን ጣሊያናዊውን ማቴራዚን በጭንቅላቱ ከመምታቱ በፊት ማቴራዚ ምን እንዳለው ለማወቅ የእንግሊዝ ጋዜጦች ከንፈር አንባቢዎች ቀጠሩ። የወጡት ንባቦች እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። አንዳንዶቹ ሽብርንና እናትን የሚያነሳ ስድብ ጻፉ። ማቴራዚ በኋላ ራሱ የተናገረው ስለ ዚዳን እህት መሆኑን ገለጸ፤ ጋዜጦቹም ከፊሎቹ ይቅርታ ጠይቀውታል። ያ እንግዲህ የዓለም ዋንጫ ካሜራ ነው፣ ቀን ብርሃን የመሰለ ስታዲየም ውስጥ፣ ከብዙ አቅጣጫ።

«ኮምፒውተር ከሰው ይበልጣል ሲባል ሰምቻለሁ። 95 ከመቶ!»

ቁጥሩ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኦክስፎርድ የተሠራው ሊፕኔት የሚባለው ነው። ግን የተፈተነበት ዓረፍተ ነገር ሁሉ አንድ ቅርጽ ያለው ነው፦ ትእዛዝ፣ ቀለም፣ ፊደል፣ ቁጥር እያለ የሚሄድ። ቃላቱ በጠቅላላው 51 ብቻ ናቸው። 51 ቃል ብቻ ሊባል እንደሚችል ብታውቅ አንተም ትሻሻላለህ። ብዙም ሳይቆይ የኦክስፎርድ ሰዎች ከጉግል ዲፕማይንድ ጋር በቢቢሲ ፕሮግራም ሌላ ሥርዓት ሞከሩ። ከቃላቱ ግማሽ ያህሉን ሳተ። ያወዳደሩት ባለሙያ አንባቢ ደግሞ ሦስት አራተኛ ገደማውን ሳተ። ኮምፒውተሩ በለጠ፣ እውነት ነው። ግማሽ የሳተ ሥርዓት ግን ሰው ላይ ጣት ለመቀሰር አይበቃም። ያም ቢሆን ለእንግሊዝኛ ነው።

«ታዲያ ለምንም አይጠቅምም በያ?»

ይጠቅማል። ባለፈው አንድ ሙሽራ የመዝሙሩ ድምፅ ጠፍቶ መጣ። ግጥሙን አውቀዋለሁ። ድምፁን ከሌላ ቅጂ አምጥቼ ከንፈሩ በገጠመበትና በሾለበት እየያዝኩ ለጠፍኩት። ምን እንደተባለ ስታውቅ መቼ እንደተባለ ከንፈር በደንብ ይነግርሃል። ከሁለት ሦስት አማራጭ አንዱን መምረጥም ይቻላል፣ አማራጮቹ ከንፈር ላይ የሚለያዩ ከሆነ። ኡ እና ኦ ይታያሉ። ፈ በጥርስና በታችኛው ከንፈር ስለሚወጣ ይታያል።

ከሁሉ የምተማመንበት ግን «ይህን አላለም» የሚለውን ነው። «ይህን አለ» ከማለት ይቀላል።

«በፍርድ ቤት ይያዛል?»

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ሊቀርብ ይችላል ብሏል፤ ነገር ግን ዳኛው ስለ ድክመቱ ጁሪውን ማስጠንቀቅ አለበት። የእኛን አገር ሕግ የሚያውቅ ካለ ይንገረን።

«እኔ ነኝ፣ የጋራዡ። አጎቴ ተናዷል። ምን ይዤ ልሂድለት?»

አብሽር። የጻፍኩልህን ወረቀት ይዘህ ሂድ። እንዲህ ይላል፦

ቪዲዮው 41 ሰከንድ ነው። ከ15ኛው እስከ 21ኛው ሰከንድ የሚናገረው ቀቢው ነው፤ «ሲጠየቅ ዝም ብሎ ወጣ» የተባለው ስለዚህ ትክክል አይደለም። 17ኛው ሰከንድ ላይ ከንፈሩ አንዴ ገጥሞ ተከፍቶ መጨረሻው ይሾላል። «ቀባሁት»፣ «ቀማሁት»፣ «አመጣሁት» ሁሉም ይሄዳሉ፤ መምረጥ አይቻልም። ከ30ኛው ሰከንድ በኋላ ወደ በሩ ብርሃን ሲዞር አፉ ከሌላው ቦታ ይሻላል። ሥራ መሪው እዚያ ላይ «ምን ታመጣለህ» ብሎ ተሳደበ ይላል። ያ ሁለት ጊዜ ከንፈር መግጠም ይጠይቃል። ከንፈሩ አንዴም አልገጠመም፣ ለመግጠም ሲቃረብም አልታየም። በ12 ፍሬም አንዱን ልስት እችላለሁ፤ ሁለቱንም መሳት ይከብዳል። አላለም ባይ ነኝ፣ አልምልም ግን።

ስልኩን ማን እንደወሰደው ቪዲዮው አይናገርም። ያንን ተላላኪውን ልጅ፣ ቀቢውንና በዚያ ሰዓት ጋራዡ ውስጥ የነበሩትን ለየብቻ ጠይቁ። እስከ ትናንት ማታ ስልኩ አልተገኘም ብለኸኛል።