ደንበኛዬን «ቲሚ» ልበለው ወይስ «ታፓኢ»?

«ሰላም ጋሼ። ያለሁት ዶሃ ነው። አራት ዓመት ከኔፓል ልጆች ጋር አንድ ቤት ስለኖርኩ ቋንቋቸውን ለምጃለሁ። አሁን አንድ የገንዘብ ማስተላለፊያ ቢሮ ለኔፓል ደንበኞች በኢሜይል መልስ የሚሰጥ ሰው ፈልጎ የሙከራ መልስ አጻፈኝ። ‹አነጋገርሽ ደንበኛ አያከብርም› አሉኝ። ክፉ ቃል ግን አልጻፍኩም፣ ጽሑፉን ልኬልዎታለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ዕድል ሰጥተውኛል። የቱን አጠራር ልጠቀም? እባክዎ ይንገሩኝ።»

የላክሽልኝን አነበብኩት። ኔፓልኛሽ ጥሩ ነው። ችግሩ የተማርሽበት ቤት ነው። አብረውሽ የሚኖሩት ልጆች እኩዮችሽ ስለሆኑ የሚባባሉት «ቲሚ» ነው፣ የኛ «አንተ፣ አንቺ» እንደ ማለት፣ አንቺም ያንኑ ይዘሽ ቢሮ ገባሽ። አማርኛን ከሰፈር ጎረምሶች ብቻ የተማረ የውጭ ሰው ባንክ ተቀጥሮ ለአንድ አባወራ «መታወቂያህን ላክ» ብሎ ሲጽፍላቸው አስቢው። ቃሉ ስድብ አይደለም። ሰውዬው ግን ይቀየማሉ።

እኔም ኩዌት መጋዘን ስሠራ ከኔፓሎች ጋር ስድስት ዓመት ውያለሁ፣ መጀመሪያ የተሳሳትኩት እዚሁ ላይ ነው። አለቃችንን በ«ቲሚ» ጠርቼው ሰዉ ሁሉ ዝም አለ። ስለዚህ የምነግርሽ ከልቤ ነው።

የኔፓልኛ «አንተ» ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ታችኛው «ታ» ነው፣ መጨረሻው ላይ በአፍንጫ ይባላል። ለትንሽ ልጅ፣ ለእንስሳ፣ በጣም ለቀረበ ጓደኛ ወይም በንዴት ጊዜ የሚወጣ ነው። ቀጥሎ «ቲሚ» አለ። ይሄ ለእኩያ፣ ለታናሽና ለምትቀርቢው ሰው ነው። በብዙ ቤት ባል ሚስቱን «ቲሚ» ይላታል፣ እሷ ግን ወደ ላይ ትመልሳለች። ከዚያ «ታፓኢ» ይመጣል፣ የኛ «እርስዎ» ማለት ነው። ከሱ በላይ «ሃጁር» አለ። በቤተ መንግሥት ደግሞ የራሱ ግስ ያለው ሌላ አነጋገር ነበር፣ ንጉሣዊው ሥርዓት በ2008 ቀርቷል። አንዳንድ የጥንት መኳንንት ቤተሰቦች ዛሬም ይናገሩታል፣ አንቺ ግን ኢሜይል ላይ እንዳትሞክሪው።

ለደንበኛ የሚጻፈው «ታፓኢ» ነው። ሁልጊዜ። ዕድሜ አትጠይቂ፣ ሥራውን አትጠይቂ።

ይሄን አጥብቄ የምነግርሽ ምክንያት አለኝ። እዚያ ገንዘብ የሚልኩት ብዙዎቹ የግንባታ ልጆች ናቸው፣ ከአንቺም ሊያንሱ ይችላሉ። «ይሄ ልጅ ነው፣ ቲሚ ብለው ምን አለበት» ያሰኝሻል። ቤት ውስጥ ብትሆኚ ልክ ነሽ። አንቺ እኔን «እርስዎ» ብለሽ ጽፈሽ እኔ «አንቺ» እያልኩ እንደምመልስልሽ ኔፓልም ትልቁ ለታናሹ ዝቅ ብሎ ቢናገር ማንም አይቆጣም። ከቢሮ የሚመጣ ደብዳቤ ግን ታላቅ ወንድም አይደለም። ቢሮ የቀን ሠራተኛን «ቲሚ» ሲለው የሚሰማው መቀራረብ ሳይሆን ንቀት ነው። እሱ ራሱ «ቲሚ» ብሎ ቢጽፍልሽ እንኳ አንቺ ከ«ታፓኢ» አትውረጂ።

«ታፓኢ» አንድ ትልቅ ሸክምም ያወርድልሻል። በታችኞቹ ደረጃዎች ግሱ ወንድና ሴት ይለያል፣ በ«ታፓኢ» ግን አይለይም። ልክ «እርስዎ ላኩ» ስንል ወንድም ሴትም እንደማንል ነው። የደንበኛው ስም የወንድ ይሁን የሴት ካላወቅሽ ደግሞ ይሄ ያድንሻል።

አሁን ወደ ዋናው። ብዙ ሰው «ቲሚ»ን አጥፍቶ «ታፓኢ» ከጻፈ ያከበረ ይመስለዋል። አይደለም። ክብሩ የሚቀመጠው ግሱ ላይ ነው። «ላክ» ለ«ታ» ሲሆን «ፓታ» ነው፣ ለ«ቲሚ» «ፓታኡ»፣ ለ«ታፓኢ» «ፓታኡኑሆስ»። «ታፓኢ ፓታኡ» ብለሽ ከጻፍሽ «እርስዎ ላክ» እንደ ማለት ነው፣ ለጆሮ ይቀፋል፣ ከልምድ ማነስ ይልቅ ግዴለሽነት ይመስላል። ኃላፊ ግሱም ያው ነው። «ቲሚሌ ፓታያው» የሚለው «ታፓኢሌ ፓታኡኑባዮ» ይሆናል።

ልብ በይ፣ የከበረው ግስ ሁሉ መሐሉ ላይ «ኑ» አለው፣ ከ«ኑ» ቀጥሎ ደግሞ ወይ «ሁ» ወይ «ሆ» ወይ «ባ» ይመጣል። ፓታኡኑሆስ፣ ፓታኡኑሁንቻ፣ ፓታኡኑባዮ፣ ፓታኡኑባኤኮ። ስለዚህ ጽፈሽ ስትጨርሺ ደንበኛው የሚያደርገውን እያንዳንዱን ግስ ፈልጊና ይሄ «ኑ» አለበት ወይ ብለሽ እዪ። ከሌለበት ወርደሻል ማለት ነው። በላቲን ፊደል የምትጽፊ ከሆነ ደግሞ ከመላክሽ በፊት ኢሜይሉ ውስጥ `tim` ብለሽ ፈልጊ። `timi`፣ `timro`፣ `timilai` ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወጡልሻል። «የአንተ» የሚለው «ቲምሮ» ሳይታወቅ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ነውና «ታፓኢኮ» አድርጊው።

እስቲ የራስሽን ሙከራ እንውሰድ። ደንበኛው የጻፈው ትናንት ለእናቱ ገንዘብ ልኮ እንዳልደረሳቸው ነው። እናቱን ሲጠራ «አማሌ ፓኡኑባኤና» አለ፣ «እማዬ አላገኙም» እንደ ማለት። አንቺ የመለስሽው ይሄን ነው፦

«ቲሚሌ ፓታኤኮ ፓይሳ ቲምሮ አማሌ ፓኤና። ናም ሚሌና። ናጋሪክታ ፓታኡ።»

ትርጉሙ ትክክል ነው። የላክከውን ገንዘብ እናትህ አላገኘችም፣ ስሙ አልገጠመም፣ የዜግነት መታወቂያ ላክ። ግን አራት ቦታ ወርዷል። «ቲሚሌ ፓታኤኮ» እና «ቲምሮ» ደንበኛውን ዝቅ አድርገዋል። «ፓታኡ» የትዕዛዝ ነው። ከሁሉ የባሰው ግን «አማሌ ፓኤና» ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ስለ ሌላ ሰው ስትጽፊም ደረጃ አለ። «ኡ» የኛ «እሱ፣ እሷ» ነው፣ «ኡኒ» መካከለኛው ነው፣ «ኡሃ» ደግሞ «እሳቸው» ነው፣ ግሱም ያንኑ «ኑ» ይፈልጋል። ደንበኛው እናቱን አክብሮ ሲጽፍ ደረጃውን ራሱ ነግሮሻል። አንቺ ያንን አውርደሽ ስትመልሺ ሰውየው የሚያነበው ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ እናቱ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምቆጣው በዚህ ነበር። ገንዘብ ተቀባይ ማንም ይሁን ማን፣ ሚስት ትሁን ታናሽ ወንድም፣ ከቢሮ ሲጻፍ «ኡሃ» ይሁን።

አስተካክለሽ ስትጽፊው እንዲህ ይመጣል፦

«ናማስካር። ታፓኢሌ ፓታኡኑባኤኮ ፓይሳ አማሌ አጃይ ፓኡኑባኤኮ ቻኢና። ናም ናጋሪክታሳንጋ ሚሌኮ ዴኪኤና። ክሪፓያ አማኮ ናጋሪክታኮ ፎቶ ፓታኢዲኑሆስ። ሃሚ ሚላኢዲንቻውን። ዳንያባድ።»

«የላኩት ገንዘብ ለእናት ገና አልደረሰም። ስሙ ከዜግነት መታወቂያው ጋር ሲገጥም አልታየም። እባክዎ የመታወቂያውን ፎቶ ይላኩልን። እናስተካክላለን» ነው የሚለው። «ቲምሮ አማ» የሚለው ጠፍቶ «አማ» ብቻ ሲቀር የማን እናት እንደሆኑ ከነገሩ ይታወቃል፣ እንዲያውም ይለሰልሳል። «ፓታኢዲኑሆስ» ደግሞ «ላኩልን» የሚል ስለሆነ ከባዶው «ፓታኡኑሆስ» ይሻላል፣ ከፊቱ «ክሪፓያ» ሲኖር በጣም ጥሩ ነው።

«ናም ሚሌኮ ዴኪኤና» ላይ «ኑ» የለም። ስም ሰው አይደለምና አይከበርም። ገንዘቡም፣ ቁጥሩም፣ ባንኩም እንዲሁ። አንዳንዱ ከፈራ በኋላ ሁሉን ያከብራል፣ «ፓይሳ ፑግኑባዮ» ብሎ ገንዘቡን «ደረሱ» ይለዋል። ራስሽንም አታክብሪ። ስለ ቢሮሽ ስትጽፊ «ሃሚ» ብለሽ ተራውን ግስ ነው የምታስከትይው፣ «ሚላኢዲንቻውን» እንዳልኩት።

ሌላም ነገር አለ። ክቡር ግስ ብቻውን ትሁት አያደርግም። «ታፓኢሌ ጋላት ናም ሌክኑባዮ» ብትዪ ሰዋስዉ ሙሉ ነው፣ «እርስዎ ስሙን ተሳስተው ጻፉ» ማለት ነው። ጥፋቱን ግን ጣት ቀስረሽ ሰጠሽው። ለዚህ ነው ከላይ «ስሙ ሲገጥም አልታየም» ያስባልኩሽ፣ ማን ተሳሳተ የሚለው እዚያ የለም። ደንበኛው ፎቶውን ይልካል፣ ነገሩም ያልቃል።

«ሃጁር»ን በተመለከተ፣ ካትማንዱ ሱቅ ብትገቢ በየዓረፍተ ነገሩ ትሰሚዋለሽ፣ «አቤት» እና «አዎን» ለማለትም ያገለግላል። ግሱ ከ«ታፓኢ» ጋር አንድ ነው፣ ስለዚህ ሰዋስዉ አያስቸግርሽም። ኢሜይል ላይ ግን በየመስመሩ ከደገምሽው መለማመጥ ይመስላል። ደንበኛው ራሱ «ሃጁር» ብሎ ከጀመረ ወይም በጣም ተቆጥቶ ከሆነ አንዴ ጣል አድርጊበት፣ ከዚያ በ«ታፓኢ» ቀጥዪ። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አትቀላቅዪ።

ሰላምታው «ናማስካር» ይሁን፣ «ናማስቴ» ትንሽ ቀለል ይላል። ስሙን ካወቅሽ ከስሙ ኋላ «ጅዩ» ጨምሪ፣ የጽሑፍ ክብር ነው፣ ለወንድም ለሴትም ይሆናል። በንግግር የምትሰሚው «ጂ» የሱ ቀለል ያለው ነው። «ዲዲ» ብሎ ቢጠራሽ «ታላቅ እህቴ» ማለቱ ነው፣ ደስ ይበልሽ፣ ግን «ባኢ» ብለሽ አትመልሺለት። «ባኢ» ታናሽ ወንድም ነው፣ ቃሉ ፍቅር ቢኖረውም ከቢሮ ሲመጣ ያሳንሰዋል። «ስም እና ጅዩ» ይበቃል።

ለሳምንቱ ፈተና አዲስ ጽሑፍ አታጥኚ። ይሄንኑ የስም አለመግጠም መልስ ያዢና ግሶቹን እየቀየርሽ ሁለት ሌላ ጉዳይ ጻፊ፣ አንዱ ገንዘብ ደርሷል የሚል፣ ሌላው ክፍያ ተመላሽ ይሁንልኝ ላለ ሰው። ከዚያ አብረውሽ ካሉት ልጆች አንዷን «ይሄን ለአባትሽ ብልከው ደስ ይላቸዋል?» ብለሽ ጠይቂያት። «ልክ ነው ወይ» ካልሻት ጓደኛሽ ስለሆነች «ልክ ነው» ትልሻለች፣ የአባቷን ስም ስታነሺ ግን የወረደው ግስ ወዲያው ይታያታል። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ መጀመሪያው ሙከራ ከጠየቁሽም አትሸሺ፣ ቋንቋውን ከጓደኞችሽ እንደተማርሽና «ቲሚ»ን ከዚያ እንዳመጣሽ ንገሪያቸው፣ ከዚያ ያንኑ ኢሜይል ያረምሽውን አውጥተሽ አሳዪያቸው።