«ክሎኩ ዘገየ» ሲባል ምን ዘገየ?

ጥያቄ፦ «ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ ኮሌጅ ለዲጂታል ሎጂክ ላብ የአማርኛ መመሪያ እያዘጋጀን ነው። ባልደረባዬ “ክሎኩ ከዘገየ የሴትአፕም የሆልድም ችግር ይወገዳል” ብሎ ጽፏል። እኔ ዓረፍተ ነገሩ ደስ አላለኝም፤ ግን ስህተቱ የአማርኛው ይሁን የትምህርቱ መለየት አቃተኝ። እንዴት ቢጻፍ ይሻላል?»

መልስ፦ ስህተቱ የሁለቱም ነው፤ ለትምህርቱ ስህተት በር የከፈተው ግን አማርኛው ነው። «ዘገየ» ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸከማል። የቱሉ ዲምቱ አውቶቡስ ዘገየ ስንል፣ በየ20 ደቂቃው ይመጣ የነበረው በየ40 ደቂቃው መምጣት ጀመረ ማለታችን ሊሆን ይችላል። ወይም ምልልሱ እንደወትሮው ሆኖ፣ እኛ ከቆምንበት ፌርማታ ከሌላው ፌርማታ አምስት ደቂቃ ዘግይቶ ደረሰ ማለታችን ነው። ክሎክም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ፔሬዱ መርዘሙ፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲው መቀነሱ ነው። ሁለተኛው ግን ያው የክሎክ ኤጅ አንዱ ሬጅስተር ጋ ከሌላው ዘግይቶ መድረሱ ነው፤ ይህን መሐንዲሶች ስኪው ይሉታል። ሁለቱ በሆልድ ላይ የሚያደርሱት ውጤት ፈጽሞ አይገናኝም።

ከሬጅስተር ሬጅስተር የሚሄደውን አንድ መንገድ እንውሰድ። የመጀመሪያው ሬጅስተር ኤጁ ሲመጣ አዲስ ዳታ ያወጣል፤ ዳታው በሎጂኩ ውስጥ አልፎ ሁለተኛው ሬጅስተር መግቢያ ላይ ይደርሳል፤ ሁለተኛው ሬጅስተር በቀጣዩ ኤጅ ይወስደዋል። ሴትአፕ ታይም የሚለው ዳታው ከዚያ ከቀጣዩ ኤጅ ቢያንስ ይህን ያህል ቀድሞ ደርሶ ይርጋ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ውስጥ ፔሬድ ይገባል፤ በሁለት ተከታታይ ኤጆች መካከል ያለ ውድድር ነውና።

ሆልድ ታይም የሚለው ደግሞ ዳታው ኤጁ ካለፈ በኋላም ቢያንስ ይህን ያህል ጊዜ ሳይለወጥ ይቆይ ነው፤ ስለ ቀጣዩ ኤጅ ግን ግድ የለውም። ሁለተኛው ሬጅስተር አሮጌውን ዳታ በሚወስድበት በዚያው ኤጅ፣ የመጀመሪያው ሬጅስተር አዲስ ዳታ መልቀቅ ይጀምራል። አዲሱ በጣም ፈጥኖ ከደረሰ አሮጌው ሳይያዝ ይገፈተራል። ሁለተኛው ሬጅስተር ያን ጊዜ የተሳሳተውን ዳታ ይይዛል፤ ወይም ሜታስቴብል ሆኖ ውጤቱ ለጊዜው 0ም 1ም ሳይሆን ይንገዋለላል። ውድድሩ በአንድ ኤጅ ላይ ስለሆነ ፔሬድ አይገባበትም። ሁለቱን ሁኔታዎች እንደሚከተለው መጻፍ ይቻላል፤ `T` ፔሬዱ፣ `tcq` ሬጅስተሩ ከኤጁ በኋላ ዳታውን ለማውጣት የሚፈጅበት ጊዜ፣ `tlogic` የሎጂኩ መዘግየት፣ `tsu` ሴትአፕ ታይም፣ `thold` ሆልድ ታይም ነው፤ `skew` ሁለተኛው ሬጅስተር ጋ ኤጁ ከመጀመሪያው ስንት ዘግይቶ እንደደረሰ ነው።

```
T ≥ tcq_max + tlogic_max + tsu − skew
tcq_min + tlogic_min ≥ thold + skew
```

የመጀመሪያው መስመር ላይ የሚገቡት ረጅሙ መንገድና ትልልቆቹ ቁጥሮች ናቸው፤ ሁለተኛው ላይ አጭሩ መንገድና ትንንሾቹ። በመመሪያችሁ «የሎጂኩ መዘግየት» ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉት። «ቢበዛ» እና «ቢያንስ» የሚሉት ቃላት እዚህ ጌጥ አይደሉም፤ ከተዘለሉ ተማሪው አንዱን ቁጥር ለሁለቱም ይጠቀምበታል።

አሁን በቁጥር እንሞክረው። ሬጅስተሩ ከኤጁ በኋላ ዳታውን ለማውጣት ቢበዛ 0.6፣ ቢያንስ 0.2 ናኖ ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። ረጅሙ ሎጂክ ቢበዛ 3.0፣ አጭሩ ቢያንስ 0.1 ናኖ ሰከንድ ይወስዳል። ሴትአፕ 0.4፣ ሆልድ 0.15 ናኖ ሰከንድ ነው። ስኪው ከሌለ ፔሬዱ ከ0.6 + 3.0 + 0.4፣ ማለትም ከ4.0 ናኖ ሰከንድ ማነስ የለበትም፤ ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ 250 ሜጋኸርዝ ይሆናል። ሆልዱ ደግሞ 0.2 + 0.1 = 0.3 ስለሆነ ከሚፈለገው 0.15 በላይ ነው፤ 0.15 ትርፍ አለው።

ኤጁ ሁለተኛው ሬጅስተር ጋ 0.5 ናኖ ሰከንድ ዘግይቶ ይድረስ። ሴትአፕ ደስ ይለዋል፦ ፔሬዱ ወደ 3.5 ይወርዳል፣ ፍሪኩዌንሲው ወደ 285.7 ሜጋኸርዝ ገደማ ይወጣል። ሆልዱ ግን 0.65 እየተፈለገ ያለው 0.3 ብቻ ነው፤ 0.35 ናኖ ሰከንድ ጎደለው። እዚህ ላይ ባልደረባዎ እንዳሉት «ክሎኩን እናዘግይ» ብለን ፍሪኩዌንሲውን ወደ 1 ሜጋኸርዝ ብናወርድ ጉድለቱ ያው 0.35 ነው፤ ምክንያቱም `T` ሁለተኛው መስመር ላይ የለም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ በአንዱ ትርጉም ሆልድን አይነካውም፣ በሌላው ትርጉም ያባብሰዋል። በየትኛውም ትርጉም ሆልድን አያድንም።

ሆልድን የሚያድነው የዳታው መዘግየት ወይም የስኪው መቀነስ ነው። አጭሩ መንገድ ላይ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 0.2 ናኖ ሰከንድ የሚያዘገዩ ሁለት በፈሮች ቢጨመሩ 0.7 ይደርሳል፤ 0.05 ትርፍ ይገኛል። በፈሮቹ የሚገቡት ግን ረጅሙ መንገድ በማያልፍበት ሽቦ ላይ መሆን አለበት። ሁለቱ መንገዶች በሚጋሩት ሽቦ ላይ ከገቡና እያንዳንዱ በፈር ቢበዛ 0.35 የሚወስድ ከሆነ፣ ፔሬዱ ከ3.5 ወደ 4.2 ናኖ ሰከንድ ይረዝማል፤ ፍሪኩዌንሲውም ወደ 238 ሜጋኸርዝ ገደማ ይወርዳል።

ወደ አጻጻፉ ስንመለስ፣ «ክሎኩ ዘገየ» የሚለውን ከመመሪያው ሙሉ በሙሉ እንድታወጡት እመክራለሁ። ፍሪኩዌንሲውን ማለታችሁ ከሆነ «ፔሬዱ ሲረዝም» ወይም «ፍሪኩዌንሲው ሲቀንስ» በሉ። ስኪው ከሆነ «ኤጁ ሁለተኛው ሬጅስተር ጋ ዘግይቶ ሲደርስ» በሉ። «ዘገየ» ብቻውን ሲቆም ያደናግራል፤ «ዘግይቶ ደረሰ» ሲባል ግን ቦታና ጊዜ ስላለው አያሻማም።

አንድ ተጨማሪ ቃል አለ፤ እሱም «እስከ» ነው። በብዙ የላብ ጽሑፎች ላይ «ዳታው እስከ ክሎኩ ኤጅ ድረስ ሳይለወጥ ይቆይ» የሚል ይታያል። ይህ ሴትአፕን ይገልጻል፤ ሆልድን ግን ቆርጦ ይጥላል፤ «እስከ» ኤጁ ላይ ስለሚያቆም። ለሆልድ «ኤጁ ካለፈ በኋላም ቢያንስ ለ0.15 ናኖ ሰከንድ» የሚለው ግድ ነው።

ስለዚህ የባልደረባዎን ዓረፍተ ነገር እንዲህ ብትከፍሉት ይሻላል፦ «ፔሬዱ ሲረዝም የሴትአፕ ችግር ይቃለላል፤ የሆልድ ችግር ግን አይለወጥም። ኤጁ ሁለተኛው ሬጅስተር ጋ ዘግይቶ ሲደርስ ለሴትአፕ ጊዜ ይጨምራል፤ ከሆልድ ግን ይቀንሳል።»

ይህ ለተማሪው በቦርዱ ላይም ይጠቅመዋል። ፍሪኩዌንሲው ሲቀንስ ስህተቱ ከጠፋ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ሴትአፕ ነው። እስከ ታች ወርዶም ስህተቱ ከቀጠለ ሆልድ አንዱ ተጠርጣሪ ይሆናል፤ ነገር ግን የሎጂክ ስህተት ወይም ከክሎኩ ጋር ያልተቀናጀ መግቢያም ያንኑ ምልክት ስለሚያሳይ፣ የታይሚንግ ሪፖርቱ መከፈት አለበት። ቪቫዶ ላይ ከሆነ የምትሠሩት `WNS` የሚለው የሴትአፕ፣ `WHS` የሚለው የሆልድ ከሁሉ የከፋው ስላክ፣ ማለትም የጊዜ ትርፍ ወይም ጉድለት ነው። `WHS` ኔጌቲቭ ከሆነ የክሎኩን ቁጥር መነካካት ትታችሁ ያን አጭር መንገድ ፈልጉ።